ከ100 ታካሚ እስከ መጨረሻው የዘለቀው 52 ሲሆን፦ የድባቴ ሙከራ ዳታን በአኖቫ ወይስ በቅይጥ ሞዴል?

ታካሚ ቁጥር 5 ወደ ሙከራው ሲገባ የድባቴ ነጥቡ 26 ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሲለካ 23 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ታካሚ ቁጥር 1 ደግሞ በ29 ጀምሮ በሁለተኛው ወር 2 ላይ ወረደ። በሦስተኛውም ወር 2 ነበር። እሱም ከዚያ ጠፋ። አንዱ ሕክምናው ያልሠራለት ይመስላል፣ ሌላው ተሽሎት የቀረ። በተደጋጋሚ የተለኩ ቡድኖችን አማካይ የሚያነጻጽረው ሪፒትድ ሜዠርስ አኖቫ ግን ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ከመነሻው በኋላ ያለው አራቱም ልኬት ስላልተሟላላቸው ሁለቱንም ከስሌቱ ያወጣቸዋል።

ዳታው እውነተኛ ነው። ቢት ዘ ብሉዝ የተባለ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና በብሪታንያ ጠቅላላ ሐኪሞች ዘንድ ሲሞከር ከተሰበሰበው ውስጥ የ100 ታካሚዎች ክፍል ነው። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ማንም በነፃ ሊከፍተው ይችላል። 52ቱ በኮምፒውተር የሚሰጠውን ሕክምና አገኙ፣ 48ቱ የተለመደውን ሕክምና ቀጠሉ። መለኪያው የቤክ የድባቴ መጠይቅ ሁለተኛ እትም ነው። 21 ጥያቄዎች አሉት፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 63 ይደርሳል፣ ከፍ ሲል ድባቴው ጠንቷል ማለት ነው። ልኬቱ የተወሰደው ከሕክምናው በፊት፣ ከዚያም በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ8ኛው ወር ነው። ታካሚው የድባቴ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ፣ የአሁኑ ሕመም ከስድስት ወር ያነሰ ወይም የበለጠ ቆይቶ እንደሆነም ተመዝግቧል።

ዳታውን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን እኔም እጄ የሄደው ወደ አኖቫ ነው። ሁለት ቡድን፣ ተደጋጋሚ ልኬት፣ በቃ። ስታቲስቲክስ ስንማር ለእንዲህ ያለ ነገር የተሰጠን መሣሪያ እሱ ነበር። ያስቆመኝ በየወሩ ስንት ሰው እንደተለካ መቁጠሬ ነው። በ2ኛው ወር 97፣ በ3ኛው 73፣ በ5ኛው 58፣ በ8ኛው 52። መጨረሻ ላይ ግማሹ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

አሁን አኖቫው ምን እንደሚያደርግ እንይ። የተለመደው ስሌት እያንዳንዱን ሰው እንደ አንድ ሙሉ ረድፍ ነው የሚቆጥረው። ከረድፉ አንድ ቀዳዳ ካለ ረድፉ በሙሉ ይጣላል። ስለዚህ 52 ሰው ይቀራል። በ2ኛው ወር ተለክተው የነበሩ 45 ሰዎች ይወጣሉ። በልኬት ስንቆጥረው ደግሞ ከሕክምና በኋላ የተወሰዱት በድምሩ 280 ናቸው። ያጠናቀቁት ሰዎች ድርሻ 52 በ4፣ ማለትም 208 ነው። 72 ልኬቶች፣ ሩብ ያህሉ፣ ተሠርተውና ተመዝግበው ሳለ ይጣላሉ።

የሚያስከፋው ደግሞ ይህ በዝምታ የሚሆን መሆኑ ነው። ኤስፒኤስኤስ በተባለው ሌላው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ የሪፒትድ ሜዠርስ ምናሌውን ስትጠቀሙ ያልተሟሉት ሰዎች ይወጣሉ፣ ሠንጠረዡም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የቡድን ብዛቱን የሚያሳየውን ትንሽ ሠንጠረዥ ልብ ብሎ ያላየ ሰው ምንም አይጠረጥርም። እኔ የማየው የነፃነት ዲግሪውን ነው። በቡድኖች መካከል ላለው ንጽጽር የስህተቱ ነፃነት ዲግሪ 50 ከሆነ የተተነተነው 52 ሰው ነው፣ ምክንያቱም ከሰው ብዛት ላይ ሁለት ቡድን ተቀንሶ ነው የሚገኘው። 97 ሰው ቢሆን ኖሮ 95 ይል ነበር። ይህች ቁጥር የሌላ ሰው ጽሑፍ ስታነቡም ትጠቅማለች። ዘዴው ክፍል ላይ መቶ ሰው ተብሎ ውጤቱ ክፍል ላይ 50 ካያችሁ፣ ግማሹ ሰው የት እንደገባ ጠይቁ።

አር ላይ `aov` በ`Error(subject)` ሲጠራ ጣጣው ሌላ ነው። ረጅም ቅርጽ ያለው ዳታ ከተሰጠው የሚጥለው ባዶ ረድፎችን ብቻ ነው፣ ሰውየውን አይደለም። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ስሌቱ የተሠራው ሁሉም ሰው እኩል ጊዜ ለተለካበት ዳታ ነው። እኩል ካልሆነ የወሩ ልዩነት ከፊሉ በሰዎች መካከል ባለው ክፍል፣ ከፊሉ በሰው ውስጥ ባለው ክፍል ተበታትኖ ይወጣል። ሁለት ቦታ የወር ውጤት የሚል መስመር ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። የትኛውን እንደምትዘግቡ ግራ ይገባችኋል፣ ግራ መጋባታችሁም ትክክል ነው።

ሰው ማነሱ ልዩነትን የመለየት ኃይል ይቀንሳል፣ እሺ። ዋናው ችግር ግን የዘለቁት 52ቱ እነማን ናቸው የሚለው ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ዶናልድ ሩቢን በ1976 ያስቀመጠው ክፍፍል እዚህ ላይ ነው የሚገባው። አንደኛ፣ ሰዎቹ የጠፉት እንዲያው በአጋጣሚ፣ ከነጥባቸው ጋር በማይገናኝ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ 52ቱ የመቶው ናሙና ናቸውና አኖቫ አያዛባም፣ ያባክናል እንጂ። ሁለተኛ፣ የጠፉበት ምክንያት ቀድሞ ከተመዘገበው ነገር ጋር ሊያያዝ ይችላል፣ ለምሳሌ በ2ኛው ወር ነጥቡ ያልወረደለት ሰው ተስፋ ቆርጦ ቢቀር። ሦስተኛ፣ ምክንያቱ ካልተለካው ነጥብ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ሰውየው ከ3ኛው ወር በኋላ ክፉኛ አገረሸበት፣ ስለዚህም አልመጣም፣ እኛም አላየነውም።

አኖቫ የሚታመነው በመጀመሪያው ብቻ ነው። ቅይጥ ሞዴል፣ ማለትም ሚክስድ ኢፌክትስ የሚባለው፣ ሁለተኛውንም ይችላል። ሦስተኛውን ሁለቱም አይችሉም። በእኔ እይታ የምርጫው ዋና ጉዳይ እዚህ ያልቃል። በድባቴ ሙከራ ውስጥ ሰው መቅረቱ ከስሜቱ ጋር አይገናኝም ብሎ የሚምል ሰው አላውቅም።

ይህን በዳታው ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። በየወሩ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ያከበሩትንና ያላከበሩትን ሰዎች ነጥብ ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ። መጥፋቱ አጋጣሚ ከሆነ ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። እዚህ ዳታ ላይ በአብዛኛው ይመሳሰላሉ። የሚያስጮህ ልዩነት አይታይም። ግን 45 ሰው እስከመጣል የሚያደርስ ማስተማመኛም አይሰጥም።

እንግዲህ ቅይጥ ሞዴሉን እናስገባው። ቀላሉ ዓይነት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ከፍታ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ሰው በሁሉም ወር ከፍ ያለ ነጥብ አለው፣ አንዳንዱ ዝቅ ያለ። ሞዴሉ ይህን የሰው ለሰው ልዩነት ለብቻ፣ በአንድ ሰው ውስጥ ከወር ወር ያለውን መዋዠቅ ለብቻ ይለካል።

```r
library(lme4)
data("BtheB", package = "HSAUR3")
BtheB$subject <- factor(rownames(BtheB))
long <- reshape(BtheB, idvar = "subject",
  varying = c("bdi.2m", "bdi.3m", "bdi.5m", "bdi.8m"),
  v.names = "bdi", timevar = "time",
  times = c(2, 3, 5, 8), direction = "long")
m <- lmer(bdi ~ bdi.pre + time + treatment + drug + length
          + (1 | subject), data = long, REML = FALSE)
summary(m)
```

ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ታች ያለውን መስመር ነው፦ 280 ልኬት፣ 97 ሰው። ማንም አልተጣለም፣ አንድም ጊዜ ካልተለኩት ሦስት ሰዎች በቀር። ስለ እነሱ በኋላ እመለሳለሁ።

በሰዎች መካከል ያለው ቫሪያንስ 48.8፣ የቀሪው 25.1 ሆኖ ይወጣል። ከጠቅላላው ልዩነት 66 በመቶው የሰው ለሰው ልዩነት ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። አንድን ሰው አንዴ ካየኸው ስለቀሩት ወራት ደህና ፍንጭ አለህ። አኖቫው የጣለው ይህን ፍንጭ ነው።

ታካሚ ቁጥር 5ን በእጅ እንከተለው። በኮምፒውተር ሕክምና ቡድን ውስጥ ነው፣ መድኃኒት ይወስዳል፣ ሕመሙ ከስድስት ወር በላይ ቆይቷል፣ መነሻው 26። በሞዴሉ ቁጥሮች መሠረት እንደ እሱ ያለ ሰው በ2ኛው ወር 15.9 ገደማ ይጠበቅበታል። እሱ ግን 23 ነው ያመጣው፣ ከሚጠበቀው 7.1 ከፍ ብሎ። ሞዴሉ ይህን ልዩነት እንዳለ አይውጠውም። አንድ ልኬት ብቻ ስለሆነ ከፊሉ የዕለቱ መጥፎ ስሜት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 66 በመቶውን ብቻ ይቀበላል፣ 4.7 ያህል። አራቱንም ጊዜ የተለካ ሰው ቢሆን 89 በመቶውን ይቀበል ነበር። ነጥቡ በወር በአማካይ 0.70 ስለሚወርድ፣ ለዚህ ሰው በ8ኛው ወር የሚጠበቀው 16.3 ገደማ ይሆናል።

ቁጥር 1ን በዚሁ መንገድ ብታሰሉት፣ በሁለቱ ልኬቶቹ ከሚጠበቀው በአማካይ 20.6 ዝቅ ብሏል። ሞዴሉ ከዚህ 80 በመቶ ያህሉን ተቀብሎ በ8ኛው ወር 2.3 ላይ ያስቀምጠዋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በድባቴ ሙከራዎች ለረጅም ዓመታት የተለመደው ሌላ መንገድ ነበር። የመጨረሻውን ነጥብ ወደፊት መጎተት። በዚያ ስሌት ቁጥር 1 በ8ኛው ወር 2 ነው፣ ቁጥር 5 ደግሞ 23። ለመጀመሪያው ሰው ከቅይጥ ሞዴሉ ጋር ይገጥማል። ለሁለተኛው ግን ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ቀረ ብሎ መፍረድ ነው፣ ሌላው ሰው ሁሉ እየወረደ። በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የጥናት ምክር ቤት ፓነል እንዲህ ያለውን መሙላት ዋና ትንተና እንዳይደረግ የመከረው አለምክንያት አይደለም። አኖቫ ሙሉ ረድፍ እንዲያገኝ ብሎ ቀዳዳውን በዚህ መሙላት ከሁለቱም የባሰ ነው። አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ቅይጥ ሞዴሉ 16.3 ብሎ ባዶው ሳጥን ውስጥ አይጽፍም። ያሉትን 280 ልኬቶች ብቻ ነው የሚጠቀመው። ቁጥሩን እኔ ያሰላሁት አመለካከቱ እንዲታይ ነው።

የሕክምናው ውጤትስ? የኮምፒውተር ሕክምናው ቡድን በአማካይ 2.33 ነጥብ ዝቅ ይላል፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 1.67። የመተማመኛ ክልሉ 5.6 ነጥብ ከመቀነስ እስከ 0.9 ነጥብ መጨመር ይዘረጋል። ዜሮን ያካትታል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያዝናል፣ የተሻለው ዘዴ የተሻለ ፒ ዋጋ እንዲያመጣለት ጠብቆ ስለነበር። ዘዴው የሚመረጠው ለዚያ አይደለም። ፒ ዋጋ አይቶ ዘዴ የሚቀያይር ሰው ዘዴ አልመረጠም፣ ሎተሪ ቆርጧል።

አሁን ለአኖቫ ልከራከርለት። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የልኬቶቹ ዝምድና በሁሉም ወር ጥንድ እኩል ነው ከሚለው ዓይነት ግምቱ የተነሳ ነው። በ2ኛውና በ3ኛው ወር መካከል ያለው ዝምድና በ2ኛውና በ8ኛው መካከል ካለው ጋር ይተካከላል ይላል። ለእኛ የማይመስል ነገር ነው፣ አንዱ ርቀት አንድ ወር፣ ሌላው ስድስት ወር ነውና። ነገር ግን ከላይ ያስኬድኩት ቅይጥ ሞዴልም በትክክል ይህንኑ ነው የሚገምተው! ለየሰው ከፍታ ብቻ የሚሰጥ ሞዴል በዝምድናው በኩል አኖቫ ነው፣ ስሙ ተለውጦ። ዳታው ሙሉ ቢሆንና ወሩንም በምድብ ብናስገባው፣ የሁለቱ ፈተና አንድ ዓይነት መልስ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው በሁሉም ቀጠሮ ከተለካ አኖቫ ለሠራ ሰው ጣት አልቀስርም።

ለየሰው የራሱን ተዳፋት በመጨመር ግምቱን ማላላት ይቻላል፣ አንዱ በፍጥነት አንዱ በዝግታ እንዲወርድ። ሞከርኩት። የሁለቱ ሞዴሎች ልዩነት በካይ ስኩዌር 0.45፣ በ2 የነፃነት ዲግሪ፣ ፒ ዋጋው 0.80። ምንም አልጨመረም። ይህ ግን ግምቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ግማሹ ሰው በ8ኛው ወር ስለሌለ ተዳፋት ለመለየት የሚበቃ መረጃ የለም ማለትም ሊሆን ይችላል።

እውነተኛ የሙከራ ዕቅድ ብጽፍ ኖሮ ዋናው ትንተናዬ ይህ ቀላሉ ሞዴል አይሆንም ነበር። ሁለት ነገር አይመቸኝም። አንደኛ፣ ወሩን ቀጥ ባለ መስመር ያስገባል። የድባቴ ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ወርዶ ከዚያ ይረጋጋል። ሁለተኛ፣ የሕክምናው ልዩነት በሁሉም ወር እኩል ነው ይላል። ሐኪም የሚጠይቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ምን ያህል ልዩነት አለ የሚለውን ነው። ስለዚህ ወሩን በምድብ፣ ሕክምናውን ከወሩ ጋር በመስተጋብር፣ የአራቱን ወራት ዝምድናም ምንም ቅርጽ ሳላስገድድ አስገባለሁ።

```r
library(mmrm)
long$visit <- factor(long$time)
fit <- mmrm(bdi ~ bdi.pre * visit + treatment * visit
            + drug + length + us(visit | subject),
            data = long, method = "Kenward-Roger")
```

ይህ ሞዴል ለዝምድናው ብቻ 10 ቁጥሮች ይገምታል፣ አራት ቫሪያንስና ስድስት ጥንድ። ለ97 ሰው ይቻላል። ቀጠሮው አሥር ቢሆን 55 ይሆን ነበር፣ ያኔ ሞዴሉ አልገጥምም ብሎ ያስቸግራችኋል። ዘዴው ላይ የተጻፈው ኬንዋርድ ሮጀር ናሙናው ትልቅ ባልሆነበት ጊዜ ስታንዳርድ ኤረሩንና የነፃነት ዲግሪውን የሚያስተካክል ነው። መስተጋብር ስላለ ግን ከሠንጠረዡ ላይ የሕክምና የሚለውን መስመር አንብባችሁ እንዳትሄዱ። እሱ የ2ኛውን ወር ልዩነት ነው የሚያሳየው፣ የመጀመሪያው ምድብ እሱ ስለሆነ። የ8ኛውን ለማግኘት የመስተጋብሩን ቁጥር መደመር ያስፈልጋል።

መነሻ ነጥቡን የት እንደምናስቀምጥም ልብ በሉ። አኖቫ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ መነሻውን እንደ አምስተኛ ቀጠሮ ያስገባዋል። በመነሻው ላይ ሁለቱ ቡድኖች በዕጣ ስለተመደቡ ሊለያዩ አይገባም። ስለዚህ ያ ዜሮ ልዩነት ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ የሕክምናውን ዋና ውጤት ያቀጥነዋል። እኔ እንዳደረግኩት በቀኝ በኩል ሲገባ ይህ አይደርስም። ዋጋው ግን አለው፣ እነዚያ ሦስት ሰዎች ይጠፋሉ። መነሻ ነጥብ አላቸው፣ ከዚያ በኋላ ምንም የላቸውም። መነሻውን በግራ በኩል፣ ከሌሎቹ ልኬቶች ጋር አስገብቶ የሁለቱን ቡድኖች መነሻ እኩል እንዲሆን ማስገደድ ይቻላል። ያኔ መቶውም ሰው ይቆያል። ለሦስት ሰው ብዙ ለውጥ አያመጣም። ለሠላሳ ሰው ቢሆን አላልፈውም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሦስተኛው ዓይነት መጥፋት እንዳለ ተቀምጧል። ዳታው ራሱ ሊፈትነው አይችልም፣ ማስረጃው ያለው ባልተለካው ነጥብ ውስጥ ነውና። ማድረግ የሚቻለው ግምቱን እየገፉ ውጤቱ የት ላይ እንደሚገለበጥ ማየት ነው። በእጅ ግምት እንሞክረው። ስታንዳርድ ኤረሩ 1.67 ሆኖ ቢቆይ፣ ልዩነቱ የተለመደውን መስፈርት ለማለፍ 3.3 ገደማ መሆን አለበት። አሁን 2.33 ነው፣ አንድ ነጥብ ያህል ጎድሎታል። ከ400 ልኬቶች 120ዎቹ፣ 30 በመቶው፣ የሉም። ሁለቱ ቡድኖች በእኩል መጠን ጎድለዋል ብለን እንያዝ። በተለመደው ሕክምና ቡድን የጠፉት ሰዎች ሞዴሉ ከሚያስበው በሦስት ነጥብ ከፍ ያሉ ቢሆኑ፣ የቡድኑ አማካይ በ0.9 ነጥብ ከፍ ይላል። የጎደለውን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ከሦስት ትንሽ ቢያልፍ ድምዳሜው ይገለበጣል። ከ63 ላይ ሦስት ነጥብ ሩቅ አይደለም። በተቃራኒው፣ በኮምፒውተር ሕክምና ቡድን የጠፉት የባሰባቸው ከሆኑ ያ 2.33 ራሱ ይከስማል። በደንብ ለመሥራት ባዶዎቹን ደጋግሞ በመሙላት፣ የተወሰነ ነጥብ በየደረጃው እየጨመሩ ማስላት ነው። የእጅ ስሌቱ የሚነግረን የት አካባቢ መፈለግ እንዳለብን ነው።

የዳታው ዓምዶች ስምንት ናቸው፦ መድኃኒት፣ የሕመሙ ቆይታ፣ ሕክምና፣ መነሻ ነጥብና አራቱ ልኬቶች። ታካሚው ለምን እንደቀረ የሚናገር ዓምድ የለም። ቁጥር 1 ተሽሎት ይሁን ሥራ ቀይሮ፣ ቁጥር 5 ተስፋ ቆርጦ ይሁን አድራሻ ለውጦ፣ አናውቅም። አንድ ስልክ ተደውሎ መልሱ በዘጠነኛ ዓምድ ቢመዘገብ ኖሮ፣ ከላይ ያለው የሦስት ነጥብ ግምት ለሁሉም ሰው በጅምላ ባልተጨመረ ነበር። የሚጨመረው ተሽሏቸው ለቀሩት ሳይሆን ብሶባቸው ለቀሩት ብቻ ይሆን ነበር።